ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የገና ዛፍ

ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለገና ዛፍ ማቆሚያ ሶፋ ማንሳት ግድ ይሆናል። ወለል የማይነካ ዛፍ ግን ከደረቅ ቅርንጫፍና ከሲባጎ መሥራት ይቻላል።

አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያላቸው ሰባት የባሕር ዛፍ እንጨቶች ይበቃሉ። ትልቁን 80 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ፤ ቀጣዮቹን በ10 ሳንቲ ሜትር እያሳጠሩ እስከ 20 ይውረዱ። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ወለል ላይ ሲደረድሯቸው የዛፉ ቅርጽ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ሜትር የሚሆን ሲባጎ በግራ፣ ሌላ በቀኝ ይዘርጉ፤ ከታች ጀምረው እያንዳንዱን እንጨት ከጫፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው ይሰሩ። ከላይ የሁለቱን ሲባጎ ጫፎች አንድ ላይ ይቋጩ።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው መዝመም ነው። የቅርንጫፍ አንዱ ጫፍ ወፍራም ስለሆነ ይከብዳል፤ ሁሉም ወፍራም ጫፎች በአንድ በኩል ከዋሉ ዛፉ ወደዚያ ያጋድላል። ስለዚህ አንዱን በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ ያድርጉ። ሰቅለው አሁንም ካዘመመ፣ የዘመመውን እንጨት ቋጠሮ ብቻ ፈትተው ያስተካክሉ።

የብሎኬት ግድግዳ ላይ ምስማር ሲመታ ልስኑ ሊረግፍ ይችላል። በድሪል በስተው ፊሸር ማስገባት ይሻላል፤ መብሳት የማይፈቅድ አከራይ ካለ ደግሞ የመጋረጃ ዘንግ ይሸከመዋል።

ለብርሃን የማይግለውን የኤልኢዲ መብራት ይጠቀሙ። ደረቅ እንጨት በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሻማና ምድጃ አጠገቡ አይሁኑ።