ብርዙ ጠጅ እንዳይሆን

በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ወዳጆች አብረው ለእራት ሲጠሩ ምግቡ ይለያል። ዶሮው በየእምነቱ ይታረዳል፣ ድስቱም ሁለት ይሆናል። ይህን የሚዘነጋ ጋባዥ ብዙ አይገኝም። መጠጥ ላይ ሲደረስ ግን ጥንቃቄው ይላላል። ለሚጠጡት ጠጅ ይቀዳል፤ ለማይጠጡት ለስላሳ ከነጠርሙሱ ይቀመጥላቸዋል። ሁለት ለስላሳ ከጠጡ በኋላ ሦስተኛው አይወርድምና ቀሪውን ምሽት ባዶ ጠርሙስ ይዘው ይጫወታሉ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም፤ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ መድኃኒት የጀመረው፣ መኪና ነድቶ የሚመለሰው ሁሉ አሉበት።

እኔ ቤት ችግሩን የፈታው ብርዝ ነው። ማርና ውሃ ብቻ ነው፤ ቀለሙና ሽታው ከጠጅ ጋር ስለሚቀራረብ ጠጪውም የማይጠጣውም አንድ ማዕድ ላይ እንደተቀመጡ ይሰማቸዋል። ብርዝ ግን ሰዓት የሚቆጠርለት መጠጥ ነው። ይህን የተማርኩት በስህተት ነው።

ለቅዳሜ እራት ሐሙስ ማታ በጥብጬ፣ ክዳኑን አጥብቄ ወጥ ቤት አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ስከፍተው ክዳኑ ጢስ አለ። የባለቤቴ አክስት ጠጋ ብለው አሸተቱና፣ «ይሄማ ጀምሯል፤ ለእንግዶችሽ እንዳትሰጪ» አሉኝ። እኔ ጌሾ ስላልገባበት አይፈላም ብዬ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያው የሚያሰክረው ጌሾው ይመስለዋል። ጌሾ መራራነቱን ይሰጣል፣ ፍላቱንም ያግዛል፤ አልኮሉ የሚመጣው ግን እርሾ የማሩን ስኳር ሲበላ ነው። እርሾው ደግሞ በተፈጥሮው ማሩ ውስጥ አለ። ማር ወፍራም እያለ መሥራት አይችልም፤ በውሃ ሲቀጥን ይነሣል። ቤቱ ሞቃት ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል።

ስለዚህ አሁን የምበጠብጠው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ውሃውን አፍልቼ ለብ እስኪል አቀዘቅዘዋለሁ፤ ለ5 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ማር አሟሟለሁ፤ ሰፈፉን በንጹሕ ነጠላ አጥልዬ ወዲያው ፍሪጅ አስገባለሁ። ከ5 ሊትር ተኩል በላይ ይወጣዋል። ለ12 እንግዶች፣ ከነሱም 5ቱ አልኮል የማይጠጡ ከሆነ፣ ይህ ይበቃል። ለ5ቱ ብቻ ብዬ 2 ሊትር ባዘጋጅ ግን ያልቅብኛል፤ ጠጅ የሚጠጡትም በመሐል ብርዝ ይጠይቃሉና። ጠጅ የተጣለበትን ጋን ወይም ጀሪካን አልጠቀምም፤ ቢታጠብም እርሾ ይቀርበታል። አረፋ ካነሣ፣ ክዳኑ ካበጠ፣ ጣፋጭነቱ ቀንሶ ምላስ ቆንጠጥ ካደረገ ብርዝነቱ አብቅቷል። በዚህ ምክንያት መቼ እንደተበጠበጠ ካላወቅኩ ከጠጅ ቤት የተገዛ ብርዝ አልኮል ለማይጠጣ ሰው አልሰጥም። በታሸገ ማልት በኩልም ጽሑፉን ማንበብ ይገባል፤ «አልኮል አልባ» ከሚባሉት ቢራዎች መካከል እስከ 0.5 በመቶ የሚይዙ አሉ። በሃይማኖቱ ለሚጠነቀቅ እንግዳ 0.0 የሚለውን መምረጥ ነው።

መመሳሰሉ ደስ ቢያሰኝም አደጋም አለው፤ በሞቀ ጨዋታ መሐል ጠጁ ብርዝ ተብሎ ሊቀዳ ይችላል። ስለዚህ ጠጁ በብርሌ፣ ብርዙ ሎሚ ተቆርጦበት በመስታወት ጆግና በብርጭቆ ይቀርባል፤ ቀጂዎቹም ሁለት ሰዎች ናቸው። ብርጭቆዎቹ ጠጅ ያልነካቸው መሆናቸውን ሙስሊም እንግዳ ሳይጠይቅ ብንነግረው ይቀለዋል። ጠጅ ባለበት ማዕድ ጭራሽ የማይቀመጥም አለ፤ ይህ የሚጠየቀው ግን ሲጋበዝ እንጂ ሲደርስ አይደለም።

ወጡም ምርጫውን ይወስናል። የበርበሬ ማቃጠያ በውሃ አይሟሟም፤ የአምቦ ውሃ ጋዝ ደግሞ ምላስን ይበልጥ ይቆጠቁጣል። ጣፋጭ ነገር ቃጠሎውን ያበርዳልና ብርዝ ለዶሮ ወጥ ይስማማል። ስኳር ላለበት ሰው ግን አይሆንም፤ ከስኳር አንፃር ከለስላሳ አይሻልም። ለእሱ ያልተጣፈጠ የከርከዴ ሻይ አቀዘቅዛለሁ፤ ቀዩ ቀለሙ ማዕዱ ላይ ያምራል።

ባለፈው እራት አክስትዬ እንደ ልማዳቸው ጆጉን አሸተቱት። ምንም ሳይሉ ብርጭቋቸውን ዘረጉ።