የሟች አባት የባንክ ሂሳብ፦ ለባንኩ ምን ተብሎ ይጻፋል?

አባታችሁ የሩዝ ሽያጭ ገንዘባቸውን ወረታ ባለ ባንክ አስቀምጠው አረፉ እንበል። ደብተሩ እጃችሁ ላይ አለ። ገንዘቡ እንዴት ይወጣል?

ማመልከቻ ብቻውን አያስወጣውም። የሚያስወጣው የወራሽነት ማስረጃ ነው። ይህ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑና ድርሻቸውን የሚገልጽ የፍርድ ቤት ወረቀት ነው።

«አባቴ በሕይወት ሳለ ውክልና ሰጥቶኛል፤ ለምን በሱ አላወጣም?» የሚል አይጠፋም። ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮ ያበቃል። በሟች ካርድ ማውጣትም ወንድምና እህትን ፍርድ ቤት ያቆማል። ይልቅ መሞታቸውን ቶሎ ለባንኩ በጽሑፍ አሳውቁና ሂሳቡ ይታገድ።

ከዚያ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ አስመዝግባችሁ የሞት ምስክር ወረቀት ያዙ። ወረቀቱን ይዛችሁ ለወረዳው ፍርድ ቤት አመልክቱ። ፍርድ ቤቱ ሟችንና ልጆቹን የሚያውቁ ምስክሮች ይሰማል። ከዳኝነት ክፍያው በላይ ኪስ የሚጎዳው የማመልከቻ ጸሐፊው፣ የኮፒውና የምስክሮች መጓጓዣ ነው። ቀጠሮው ከሩዝ አጨዳ ጋር ከገጠመ ደግሞ የሥራ ቀንም ይባክናል።

ብዙ ቤተሰብ የሚመላለሰው በስም ነው። ደብተሩ ላይ የዓለም ስማቸው፣ የቀበሌው ወረቀት ላይ የክርስትና ስማቸው ይገኛል። የአያት ስም አንድ ፊደል ቢለይ እንኳ ባንኩ ይመልሳችኋል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ደብተሩን፣ መታወቂያውንና የሞት ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ስሙ ከተለያየ፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በውሳኔው ላይ እንዲገለጽ ጠይቁ።

ማስረጃው ሲወጣ ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ለ……… ባንክ ወረታ ቅርንጫፍ፣ ወረታ
ጉዳዩ፦ የሟች ሂሳብ ለወራሾች እንዲከፈል ስለመጠየቅ
በሂሳብ ቁጥር……… የባንካችሁ ደንበኛ የነበሩት አባታችን አቶ……… በ……… ቀን አርፈዋል። የፎገራ ወረዳ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር……… ወራሽነታችንን አረጋግጧል። ቀሪው ገንዘብ ከነወለዱ ተገልጾልን፣ በውሳኔው መሠረት እንዲከፈለን እንጠይቃለን።»

ሁሉም ወራሾች ይፈርሙ። የውሳኔው ትክክለኛ ግልባጭ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ደብተሩና የየራሳቸው መታወቂያ ይያያዝ። አንዱ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ከሆነ የተረጋገጠ ውክልና ይላክ።

እናታችሁስ? ሚስት በሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ግን በትዳር የተፈራ ገንዘብ ግማሹ የራሷ ነው። ሂሳቡ ላይ 120,000 ብር ቢኖርና ዕዳ ባይኖር፣ 60,000ው የእናት ነው። ኑዛዜ ከሌለ የቀረው ለልጆች እኩል ይከፈላል፤ ሦስት ከሆኑ ለእያንዳንዱ 20,000 ብር ይደርሳል። የእሷ ግማሽ በውሳኔው ካልተጠቀሰ ባንኩ ሁሉንም ለልጆች ሊከፍል ስለሚችል፣ የጋብቻ ማስረጃዋን ይዛ ከጅምሩ ጥያቄዋን ለፍርድ ቤቱ ታቅርብ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱ ባንኩ ጋ ይቅር፤ በሌላው ላይ የደረሰበትን ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙት።