ከዩሪያው በፊት ዝናቡን መቁጠር

በመቂ አካባቢ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ ለልማት ሠራተኛው የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዩሪያ ስንት ልጨምር?» የተለመደው መልስ ለሄክታር አንድ ኩንታል የሚል ነው። ይህ መልስ ዝናቡ በጠገበ ዓመት ያዋጣል። የስምጥ ሸለቆ ዝናብ ግን ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል፤ ዩሪያም ተበትኖ አፈር ካልለበሰና በቂ ዝናብ ካላገኘ ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ጋዝነት ተቀይሮ በአየር ይባክናል። ገበሬው ገንዘቡን በትኖ ይቀራል።

እንግዲህ ጥያቄውን ከመዝገብ ለመመለስ የተነሳ አንድ የልማት ሠራተኛ እናስብ። በእጁ የ6 ዓመት መዝገብ አለ፤ በየዓመቱ የ40 ማሳ ዩሪያና ምርት ተጽፎበታል። ከገበሬዎች ማሰልጠኛው ግቢ ደግሞ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት የሚነበብ የዝናብ መለኪያ አለ። ከዘር ቀን እስከ 35ኛው ቀን የዘነበውን ደምሮ ከእያንዳንዱ ማሳ አጠገብ ያሰፍራል። 35ኛውን ቀን የመረጠው ሁለተኛው ዩሪያ የሚጨመረው በዚያ ሰሞን በመሆኑ ነው፤ ገበሬው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚያውቀው ዝናብ ይኸው ብቻ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች የሚያገናኘው ስልት ሪግሬሽን ነው፤ ይህም እያንዳንዱ ማሳ አንድ ነጥብ ሆኖ፣ በነጥቦቹ መካከል፣ ከሁሉም ያለውን የስህተት ካሬ ድምር ትንሹን የሚያደርግ ቀመር መፈለግ ነው። በዚህ መንገድ ዝናብና ምርትን ማገናኘት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሮናልድ ፊሸር በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የስንዴ ምርትና የዝናብ መዛግብትን አገናዝቦ ጥናቱን ያሳተመው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር።

ወሳኙ ነገር ዩሪያንና ዝናብን ለየብቻ ማስገባት አለመብቃቱ ነው። ለየብቻ ከገቡ ቀመሩ የአንድ ኪሎ ዩሪያ ጥቅም በደረቅም በእርጥብም ዓመት እኩል ነው ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ሠራተኛው ሁለቱን አባዝቶ ሦስተኛ ዓምድ ይሠራል። በሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ላይ ዩሪያው በA፣ ዝናቡ በB፣ ብዜቱ በC፣ ምርቱ በD ከተቀመጠ ትዕዛዙ ይህ ነው፦

```
=LINEST(D2:D241,A2:C241,TRUE,TRUE)
```

ውጤቱ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ልብ ይሏል፤ መጀመሪያ የሚታየው የC ቁጥር ነው። ለማሳያ ያህል ለዩሪያ −2፣ ለብዜቱ 0.06 ወጣ እንበል። 60 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ዓመት አንድ ኪሎ ዩሪያ የሚጨምረው 1.6 ኪሎ በቆሎ ነው፤ በ150 ሚሊ ሜትር ግን 7 ኪሎ። የአንድ ኪሎ ዩሪያ ዋጋ የ3 ኪሎ በቆሎ ዋጋ ከሆነ፣ ዩሪያ ወጪውን የሚመልሰው ዝናቡ 83 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ነው። የዋጋው ንጽጽር በተለወጠ ቁጥር ይህ ድንበርም ይለወጣል።

አሁን ጥንቃቄው ይጀምራል። ከቀመሩ እጅግ የራቀ ማሳ ሲገኝ ሠራተኛው ወደ ገበሬው ሄዶ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በልኬት ላይ ነው፤ አንድ ቀርጥ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ እንደ ሙሉ ሄክታር ተመዝግቦ ይገኛል። ከዚህ የሚከፋው ግን በዓይን የማይታይ ነው። ብዙ ዩሪያ የሚገዛው ገበሬ ብዙውን ጊዜ በሬ ያለው፣ ቀድሞ የሚዘራና አረሙን በጊዜ የሚያርም ነው። መዝገቡ የበሬውንና የአረሙን ውለታ ለዩሪያ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ የዘር ቀንንና የአረም ጊዜን መመዝገብ፣ በማሰልጠኛው ማሳም አንድ ዓይነት መሬት ከፋፍሎ የተለያየ መጠን መሞከር ነው።

በእኔ እይታ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ግን የረድፎቹ ብዛት ነው። 240 ረድፍ ሲያዩት ብዙ ይመስላል፤ መለኪያው አንድ በመሆኑ ግን ማሳዎቹ በተዘሩበት ቀን ጥቂት ቢለያዩም ያዩት ዝናብ በመሠረቱ የ6 ክረምት ብቻ ነው። ስለ ዩሪያ የሚናገረው ከ240 ረድፍ ቢሆንም፣ ስለ ዝናብ የሚናገረው ከ6 ዓመት ነው። ፕሮግራሙ ይህን አያውቅምና የሚያወጣው የስህተት ልክ ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ የአንዱን ዓመት መዝገብ ለብቻው አስቀምጦ በቀሩት 5 ዓመታት ይተነብየዋል፤ ይህንን ለእያንዳንዱ ዓመት ይደግማል። ትንበያው ከሳተ ምክሩን ያለዝበዋል፣ የጎረቤት ቀበሌዎችንም የዝናብ መዝገብ ይለምናል።

ለገበሬው የሚነግረው ቀመሩን አይደለም። «ጋሼ፣ እስካሁን የዘነበው 60 ነው፤ ሁለተኛውን ዩሪያ ለጊዜው አይበትኑት። በሚቀጥለው ሳምንት ደህና ከዘነበ ግማሹን ይጨምሩና በአፈር ያልብሱት» ይላል።

የዝናብ መለኪያ የተተከለበት ቀበሌ ያላችሁ የልማት ሠራተኞች፣ ከዝናቡ ጎን የእያንዳንዱን ማሳ የዘር ቀን ከዚህ ክረምት ጀምራችሁ ጻፉ።