ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ ፊት

በዓል ሲመጣ ሀገር ልብስ ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ፎቶ መነሳት የተለመደ ነው። ባክግራውንዱን በአፕ ሲያጠፉት ፊቱም የነጠላው ጥበብም ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ ነጩ ጨርቅ ግን ትከሻው ላይ ይሸራረፋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ግራብከት የተባለው ዘዴ ሥራውን የሚጀምረው ተጠቃሚው በሚፈልገው ነገር ዙሪያ አራት ማዕዘን ሲያሰምር ነበር። ከመስመሩ ውጭ ያለውን ቀለም ባክግራውንድ ብሎ ይይዝና ውስጥ ያለውን በቀለም ይለያል። በ2020 የወጣው U2-Net እና መሰሎቹ መስመር አይጠይቁም። የሠለጠኑት ሰዎች ዋናውን ነገር በእጅ ለይተው ምልክት ባደረጉባቸው ከ10,000 በላይ ፎቶዎች ነው። ስለዚህ «ዋናው ነገር» ማለት ለእነሱ ምልክት አድራጊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የመረጡት ነው። የተቀመጡበት ወንበር አንዴ ቀርቶ ሌላ ጊዜ የሚጠፋውም ለዚህ ይመስለኛል።

U2-Net ፎቶውን መጀመሪያ ወደ 320 በ320 ፒክስል ያሳንሰዋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ 1 ይቆይ፣ 0 ይጥፋ ማለት ነው። 4,000 ፒክስል ስፋት ባለው ፎቶ ላይ አንዷ ነጥብ የ12 ያህል ፒክስል ስፋት ትሸፍናለች፤ የነጠላው ዘርፍ እዚህ ላይ ይጠፋል። ትከሻ የት መሆን እንዳለበት ከሰውነቱ ቅርጽ ይገምታል፤ ጨርቁ በትክክል የት እንደሚያበቃ ለማወቅ ግን የቀለም ልዩነት ያስፈልገዋል።

ጠርዙን የሚያጠሩ አንዳንድ አፖች የሚከተሉት ስሌት ይህ ነው፦ ጠርዝ ላይ ያለ ፒክስል የሁለት ቀለም ድብልቅ ነው፤ የልብሱ ድርሻ ስንት ነው? የግድግዳው ድምቀት 235፣ የጥቁር ኮት 60 ቢሆን በመካከላቸው 175 ደረጃ አለ። ካሜራው በአንድ ደረጃ ቢሳሳት ውጤቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይዛነፍም። ነጠላው 238 ከሆነ ግን ልዩነቱ 3 ብቻ ነው፤ ያቺው የአንድ ደረጃ ስህተት መልሱን በሲሶ ታዛባዋለች። በደብዛዛ ብርሃን የስልክ ካሜራ ከዚያም በላይ ይሳሳታል።

ጉዳቱን ነጭ ገጽ ላይ አያዩትም። የተቆረጠውን ምስል ጥቁር ወይም ደማቅ ቀይ ላይ ያስቀምጡት፤ በከፊል የሳሳው ጨርቅ ያኔ ቀለሙን ያሳልፋል። ገና ሲነሱ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ መቆምና ብርሃኑ ሰውየው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ ግድግዳውን ያጠቁረዋል። ፎቶው አስቀድሞ ከተነሳ ግን አፑ ላይ «መልስ» የሚለውን ብሩሽ ይዞ ትከሻውን በእጅ መቀባት ነው።