ከማማው ቁልቁል፣ ከመሬት ሽቅብ

ባንኮክ በሚገኘው የሱቫርናብሁሚ አውሮፕላን ማረፊያ የበረራ መቆጣጠሪያው ማማ 132 ሜትር ይረዝማል። እዚያ አናት አጠገብ የተቀመጠ አንድ ተቆጣጣሪ ዓይኑ ከመሬት 120 ሜትር ላይ ነው እንበል። ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ፊት ለፊቱን ቢያይ እይታው አግድም መስመር ይሆናል። ከዚያ መስመር ተነሥቶ፣ ራቅ ብሎ መንደርደሪያው ዳር የተተከለ መብራት ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዓይኑን ዝቅ ያደረገበት መጠን የዝቅታ ማዕዘን ይባላል። ይህ ማዕዘን 5 ዲግሪ ሆነ ብለን እንቀጥል።

መብራቱን የሚጠግን ቴክኒሻን አስፋልቱ ላይ በደረቱ ተኝቷል። ቀና ብሎ የተቆጣጣሪውን መስኮት ቢፈልግ ዓይኑን ከመሬቱ አግድም ስንት ዲግሪ ማንሣት አለበት? እሱም 5። ይህኛው የከፍታ ማዕዘን ነው።

ምክንያቱን ለማየት ተቆጣጣሪው ጋ እንመለስ። በማማው ቁመትና በአግድሙ እይታ መካከል 90 ዲግሪ አለ። ከዚህ 5ቱን ለዝቅታው ወስዶታል፤ ስለዚህ በማማውና በእይታው መስመር መካከል የቀረው 85 ነው። ማማው፣ መሬቱና የእይታው መስመር ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር 180 ነው፤ ከማማው ግርጌ 90፣ ከላይ 85 ሲቀነስ ቴክኒሻኑ ጋ የሚቀረው 5 ብቻ ነው። መነሻው 20 ወይም 37 ዲግሪ ቢሆንም ሒሳቡ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የተቆጣጣሪው አግድምና የመሬቱ አግድም ትይዩ ናቸው፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሁለቱን ሲያቋርጥ ከሁለቱም ጋር እኩል ያዘነብላል።

ርቀቱ የሚገኘው ከዚህ ነው። የ5 ዲግሪ ታንጀንት 0.0875 ገደማ ስለሆነ 120 ለ0.0875 ሲካፈል መብራቱ ከማማው ግርጌ ወደ 1,370 ሜትር እንደሚርቅ ይነግረናል።

ተማሪዎች በብዛት የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። 5 ዲግሪውን ከአግድሙ መለካት ሲገባቸው ከማማው ግድግዳ ይለኩታል፤ ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ አናቱ ላይ ይጽፉታል። ያኔ የሚያገኙት ርቀት 10 ሜትር ከግማሽ ነው። ስሕተቱን ለመያዝ ካልኩሌተር አያስፈልግም። ከ120 ሜትር ከፍታ 10 ሜትር ብቻ የራቀ ነገር ለማየት አንገትን ሰብሮ ወደ እግር ሥር መመልከት ግድ ይላል፤ 5 ዲግሪ ዝቅታ ግን ፊት ለፊት ከማየት ብዙም አይለይም።

በዚህ እኩልነት ላይ የአብራሪዎች ሥራም ቆሟል። በብዙ ማረፊያዎች መንደርደሪያው ጎን ፓፒ የሚባሉ አራት መብራቶች በአንድ ረድፍ ይተከላሉ። እያንዳንዳቸው ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ላለ ሰው ነጭ፣ ከዚያ በታች ላለ ቀይ ሆነው ይታያሉ። መሬት ላይ ያለው ባለሙያ የሚያስተካክላቸው በከፍታ ማዕዘን ነው፤ የተለመደው የመውረጃ መስመር 3 ዲግሪ ነው። አብራሪው ደግሞ በዚያው 3 ዲግሪ ዝቅታ ቁልቁል ይመጣል። በመስመሩ ላይ ከሆነ ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ያያል፤ አራቱም ከቀሉበት በጣም ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

እኩልነቱ ግን ወሰን አለው። ሁለቱ አግድሞች ትይዩ የሆኑት መሬትን ዝርግ አድርገን ስለወሰድናት ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አል-ቢሩኒ የተባለው ሊቅ በዛሬዋ ፓኪስታን፣ ናንዳና ምሽግ አጠገብ ካለ ተራራ ሆኖ ሰማይና ምድር የሚገናኙ የሚመስሉበትን ጠርዝ ቁልቁል ለካ። ዝቅታው ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ፣ 34 ደቂቃ ሆኖ አገኘው። ጠርዙ ላይ የእይታው መስመር መሬትን ነክቶ ብቻ ያልፋል፤ ስለዚህ እዚያ ሆኖ ተራራውን ለሚያይ ሰው፣ ብርሃን በአየር ውስጥ የሚታጠፍበትን ትተን፣ የከፍታው ማዕዘን ዜሮ ነው። አል-ቢሩኒ ይህንኑ ልዩነት ከተራራው ቁመት ጋር አዛምዶ የመሬትን ግማሽ ስፋት፣ ማለትም ሬዲየሷን፣ አሰላበት።

ልዩነቱ የሚያድገው በርቀት ነው፤ በየ1,852 ሜትሩ የዲግሪ አንድ ስልሳኛ፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ያህል ይጨምራል። በተቆጣጣሪውና በቴክኒሻኑ መካከል ባለው 1,370 ሜትር አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ተማሪ በፕሮትራክተር በሚሠራው መለኪያም አይታይም።