ክኒኑ ወስፋቱን ከሆድ ያስወጣል፤ እንቁላሉ ግን በጓሮ ይቀራል

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው ጠዳ ከፊሏ ከተማ፣ ከፊሏ የገበሬ መንደር ናት። ጥጃና ዶሮ በሚውሉበት ጓሮ መዳህ የጀመረ ሕፃንም አፈር እየነካ ይጫወታል። በእንዲህ ያለ ቤት የትላትል ማስወገጃ ክኒን የወሰደ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ወስፋት ሲያወጣ፣ ወላጆች «መድኃኒቱ አልሠራም» ማለታቸው የተለመደ ነው። ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ ክኒኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ልጁ የታመመው አዲስ እንቁላል ውጦ ነው።

አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200 ሺህ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሎቹ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። በወጡበት ሰዓት አይተላለፉም፤ እርጥብና ጥላ ባለበት አፈር ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይተው ይበስላሉ። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ ሁኔታው ከተመቻቸላቸውም ለዓመታት በሕይወት ይቆያሉ። የክረምቱ እርጥበትም ይስማማቸዋል።

ለአብነት በሰኔ መጀመሪያ ክኒን የወሰደችን የ26 ወር ሕፃን እናስብ። በሆዷ የነበሩት ትሎች ሞተው ወጡ። ታላቅ ወንድሟ ግን ከአጥር ጥግ ይጸዳዳል፤ የእርሷም ሰገራ የሚጣለው በጓሮ ነው። በሰኔ መጨረሻ በጭቃ ስትጫወት የበሰለ እንቁላል በጥፍሯ ሥር ገባ፣ ጣቷንም ጠባች። እንቁላሉ በአንጀቷ ተፈለፈለ፤ እጩ በደም በኩል ወደ ሳንባ ተጉዞ፣ በጉሮሮ ተመልሶ ተዋጠና በአንጀቷ አደገ። ይህ ጉዞ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚወስድ፣ በመስከረም መጨረሻ ትሉ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ቀጣዩ የክኒን ዙር ደግሞ በታኅሣሥ ነው። በመካከሉ ባሉት ወራት ሕፃኗ ራሷ በጓሮው ላይ እንቁላል ትዘራለች።

አልቤንዳዞል የሚባለው ክኒን በሆድ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ለነገ አይከላከልም። ዕድሜያቸው 24 ወር የሞላቸው ልጆች 400 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ክኒን ይወስዳሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ምክር መሠረት ከ12 እስከ 23 ወር ላሉት ግማሹ ይበቃል፤ አንድ ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ግን በዘመቻ አይሰጥም። ለትንንሽ ልጆች ክኒኑ ተፈጭቶ በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ይሰጣል። የሚያለቅስን ሕፃን አፍንጫውን ይዞ ማስዋጥ መድኃኒቱን ወደ መተንፈሻ ቧንቧው ሊያስገባና ሊያንቀው ስለሚችል፣ እስኪረጋጋ መጠበቅ ይገባል።

ውኃን በተመለከተ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። እንደ ውኃ አጋር ያሉ የክሎሪን ማከሚያዎች ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን ይገድላሉ፤ የወስፋት እንቁላል ግን ወፍራም ልባስ ስላለው በዚያ መጠን ክሎሪን አይሞትም። ውኃን እስኪንተከተክ ማፍላት ግን ይገድለዋል። ስለዚህ ከወንዝ ወይም ካልተጠበቀ ምንጭ የተቀዳን ውኃ ለሕፃን ከማጠጣት በፊት ማፍላት፣ ከዚያም አፈ ጠባብና ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይመረጣል። በጥሬው የሚበላ ሰላጣና ካሮትም በንጹሕ ውኃ በሚገባ ታሽቶ መታጠብ አለበት።

እጅን መታጠብ የሚጠቅመው ሳሙና እንቁላሉን ስለሚገድል አይደለም፤ መታሸቱና የሚፈሰው ውኃ ጠርገው ስለሚወስዱት ነው። ስለዚህ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ማሸት ያስፈልጋል። በሰሜን ኢትዮጵያ ተካሂዶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን ሕክምና ያገኙ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ለስድስት ወር ተከታትሏል። እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ከተደረጉት መካከል እንደገና የተያዙት 14 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተደረጉት መካከል ግን 29 በመቶ ነበሩ። ጥፍር በየሳምንቱ መቁረጥም ዳግም መያዝን ቀንሷል። በጠዳ ጓሮ ቀዳዳ የተበጀለት ጀሪካን በመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ቢሰቀል፣ ጥቂት ውኃ ለብዙ እጅ ይበቃል።

ሆኖም እንቁላሉ ምንጩ ላይ ካልተቋረጠ እጅ መታጠብ ብቻውን አይበቃም። የሕፃን ሰገራ «ንጹሕ ነው» ተብሎ በጓሮ ሊጣል አይገባም፤ ከትልቅ ሰው ሰገራ እኩል እንቁላል ይይዛልና በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ይጣል። የአጥር ጥግ መጸዳዳትም ይቁም።

ትል ያለበት ልጅ ሁሉ ምልክት አያሳይም። የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ የክብደት አለመጨመርና የሆድ መነፋት ሲታይ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ሆዱ ተነፍቶ የጠነከረ፣ የሚያስታውክና ሰገራው የቆመ ሕፃን ግን ትሎቹ አንጀቱን ዘግተውት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በቤት ክኒን ለማከም ከመሞከር ይልቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።