የሩብ ዑደት ጉዳይ፦ ከመስታወት በላይ የሚነጥር ኒውትሮንና የደብሊው ኬ ቢ ግምት

1. ጥያቄው

ደብሊው ኬ ቢ የሚለው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1926 ስልቱን ለኳንተም ፊዚክስ ያበጁት የቬንትሰል፣ የክራመርስና የብሪዩዋን ስሞች ምሕጻር ነው። ሃሮልድ ጄፍሪስ ሒሳቡን አስቀድሞ አሳትሞት ስለነበር አንዳንድ ጸሐፍት የእርሱንም ፊደል ይጨምራሉ። ስልቱ የሽሮዲንገርን እኩልታ በትክክል ሳይፈቱ፣ የታሰረ ቅንጣት ሊኖሩት የሚችሉትን የጉልበት ደረጃዎችና ግርዶሽን ሾልኮ የማለፍ ዕድሉን በቅርብ ግምት ለማስላት ያገለግላል። በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት» ኢነርጂ ለሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ብቻ ተይዟል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ አንድ ነው፤ ይኸውም በስልቱ ቀመር ውስጥ የሚገኘው ትንሽ ክፍልፋይ ከየት እንደሚመጣና ቢዘነጋ ምን እንደሚያስከትል ማሳየት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው ከተወለወለ የመስታወት ወለል በላይ በምድር ስበት እየወደቀ የሚነጥር ኒውትሮን ነው። ይህ ሁኔታ በፈረንሳይ፣ በግረኖብል ከተማ በሚገኘው የላወ–ላንዥቨን ተቋም በሙከራ ታይቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል።

2. የሞገዱ ጉዞና መመለሻው

ቅንጣቱ በከፍታ `z` ላይ ሲገኝ ሞመንተሙ ከጠቅላላ ጉልበቱና ከስበቱ ይወሰናል፦

`p(z) = √(2m(E − mgz))`

የሞገዱ ርዝመት `h/p` ነው። ኒውትሮኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየዘገመ ስለሚሄድ ሞገዱም እየረዘመ ይሄዳል። የስልቱ መሠረታዊ እሳቤ ይህ ለውጥ ዝግተኛ ከሆነ፣ ማለትም በአንድ የሞገድ ርዝመት ውስጥ ርዝመቱ ራሱ እምብዛም ካልተለወጠ፣ በየቦታው የተጓዘውን ዑደት በመደመር ብቻ ሞገዱን ማወቅ ይቻላል የሚል ነው።

እሳቤው የሚሰናከልበት ቦታ ግን አለ። ኒውትሮኑ ወደ ላይ የሚደርስበት የመጨረሻው ከፍታ `zₙ` ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሚሆን ቀመሩ ወሰን የሌለው የሞገድ ርዝመት ይሰጣል። ይህ ቦታ እዚህ «መመለሻ ነጥብ» ይባላል። በዙሪያው ያለችው ጠባብ ክልል በግምቱ ሳይሆን ኤይሪ በተባለው ትክክለኛ የሒሳብ ተግባር ትሸፈናለች፤ ከዚያም ሁለቱ መፍትሔዎች ከነጥቡ ራቅ ብለው እንዲገጣጠሙ ይደረጋል። የግጥሚያው ውጤት ቀላል ነው፦ ከእንዲህ ያለ ልዝብ መመለሻ የሚመለስ ሞገድ ሩብ ዑደት ወደ ኋላ ይቀራል።

ታችኛው ጫፍ የተለየ ነው። የኒውትሮኑ የቁልቁል ጉልበት የኤሌክትሮን ቮልት ትሪሊዮንኛ ያህል ሲሆን መስታወቱ የሚያቆመው ግርዶሽ ከዚያ በአሥር ሺሕ እጥፎች ይበልጣል። ስለሆነም መስታወቱ ድፍን ግድግዳ ነው ቢባል ስሕተቱ ከቁጥር አይገባም። በድፍን ግድግዳ ላይ ሞገዱ ዜሮ ሊሆን ግድ ስለሆነ የተመለሰው ሞገድ ግማሽ ዑደት ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የስያሜ ማስታወሻ ተገቢ ነው። የዑደት ደረጃን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ቢወሰድ ሹፈት ማለት ከሆነው «ፌዝ» ጋር ስለሚጋጭ በዚህ ጽሑፍ «የዑደት ደረጃ» ተመርጧል።

3. ደረጃዎቹን ማስላት

ሞገዱ ወጥቶና ወርዶ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ከራሱ ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ራሱን በራሱ ያጠፋል። በመሆኑም ከደርሶ መልሱ ዑደቶች ላይ ከላይ የቀረው ሩብና ከታች የቀረው ግማሽ ሲቀነሱ ሙሉ ቁጥር መገኘት አለበት። ይህም ከመስታወቱ እስከ መመለሻው ድረስ እንዲህ ይጻፋል፦

`∫ p dz = (n − 1/4) πħ,  n = 1, 2, 3, …`

`E = mgzₙ` ስለሆነ የግራው ድምር `(2/3) m √(2g) zₙ^(3/2)` ይሆናል። ከዚህ ከፍታው ይገኛል፦

`zₙ = l · [(3π/2)(n − 1/4)]^(2/3),  l = (ħ²/2m²g)^(1/3)`

የኒውትሮን ክብደትና የምድር ስበት ሲገቡ `l` 5.87 ማይክሮሜትር ነው። ለመጀመሪያው ደረጃ በቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር 3.534 ሲሆን፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ ኃይል ሲነሣ 2.320 ይሰጣል፤ ከፍታው 13.6 ማይክሮሜትር ነው ማለት ነው። የሽሮዲንገር እኩልታ ትክክለኛ መፍትሔ 2.338፣ ማለትም 13.7 ማይክሮሜትር ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በሁለተኛው ደረጃ 4.082 ከ4.088 ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ ከሺሕ ሁለት ያነሰ ነው። ደረጃው በጨመረ ቁጥር ግምቱ እየጠራ ይሄዳል።

ክፍልፋዩ ቢሳሳት ግን ውጤቱ ወዲያው ይታያል። ሁለቱም ጫፎች ድፍን እንደሆኑ ተቆጥሮ `n` ብቻ ቢጻፍ የመጀመሪያው ከፍታ 16.5 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ ሁለቱም ልዝብ እንደሆኑ ተቆጥሮ `n − 1/2` ቢጻፍ ደግሞ 10.4 ይሆናል። ስለዚህ `n − 1/2` የሚለውን ከመማሪያ መጽሐፍ ወስዶ በየቦታው መለጠፍ አይገባም። ያ ቀመር እንደ ስፕሪንግ በሁለቱም በኩል ቀስ ብሎ ለሚመልስ ሥርዓት ብቻ የሚገባ ነው። ከስሌቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው እያንዳንዱ ጫፍ ልዝብ ነው ወይስ ድፍን የሚለው ነው።

4. ከመመለሻው ማዶ

በጥንቱ ሜካኒክስ ኒውትሮኑ ከ`zₙ` በላይ ሊገኝ አይችልም። ሞገዱ ግን እዚያ አይቆረጥም፤ መወዛወዙን ትቶ እየመነመነ ይቀጥላል። ይህን ክስተት «ዋሻ መቆፈር» ብሎ መተርጎም ቅንጣቱ ግርዶሹን የበሳ ያስመስላል። «ሾልኮ ማለፍ» ለነገሩ ይቀርባል።

በሙከራው ከመስታወቱ በላይ በከፍታ `H` ላይ ኒውትሮን የሚውጥ ሰሌዳ ተደርጎ ነበር። ኒውትሮኑ እስከ ሰሌዳው ሾልኮ የመድረስ ዕድሉን የሚወስነው ምክንያት ይህ ነው፦

`exp[−(4/3) ((H − zₙ)/l)^(3/2)]`

ሰሌዳው ከመጀመሪያው ደረጃ መመለሻ 5.87 ማይክሮሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ምክንያቱ 0.26 ነው፤ በእጥፍ፣ ማለትም በ11.7 ማይክሮሜትር ከፍ ቢል ወደ 0.023 ይወርዳል። በመጀመሪያው ሁኔታ ብዙ ኒውትሮኖች ይዋጣሉ፤ በሁለተኛው አብዛኞቹ በክፍተቱ አልፈው ይቆጠራሉ። በሙከራው ክፍተቱ ከ15 ማይክሮሜትር አካባቢ በታች ሲሆን የሚያልፍ ኒውትሮን አልታየም፤ ከዚያ በላይ ቁጥሩ ማደግ ጀመረ። ዕድገቱ በአንድ ጊዜ የሚዘል ሳይሆን ቀስ ያለ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ መሹለክ ነው።

ቀመሩ ገደብ አለው። `H` ወደ `zₙ` እጅግ ሲጠጋ ምክንያቱ ወደ 1 ይሄዳል፤ ይህ ግን ሰሌዳው ግምቱ በማይሠራባት በዚያች ጠባብ ክልል ውስጥ መግባቱን እንጂ ዕድሉ በርግጥ ያን ያህል መሆኑን አያሳይም። የመለያው ምልክት የኤክስፖነንቱ መጠን ነው፦ ከአንድ በእጅጉ ሲበልጥ ግምቱ ይታመናል፤ ወደ አንድ ሲቀርብ ወይም ሲያንስ ወደ ኤይሪ ተግባር መመለስ ያስፈልጋል።